የአማርኛ መጠይቅዎ ምን ያህል ይታመናል? በፒኤችኪው 9 ምሳሌነት የአስተማማኝነትና የተገቢነት ፍተሻ ደረጃ በደረጃ

በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የጥናት ዘዴ ምዕራፍ ውስጥ ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ይገኛል፦ «መጠይቁ በናሙናው 5 በመቶ ላይ ተሞክሮ የክሮንባህ አልፋው 0.81 ስለሆነ አስተማማኝና ተገቢ መሆኑ ተረጋግጧል»። የናሙናው መጠን 400 ከሆነ 5 በመቶው 20 ሰው ነው። ከ20 ሰው የተገኘ አልፋ ብዙ የሚዋዥቅ መሆኑን እንለፈውና፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በአንድ ቁጭታ የተመለሱት ጥያቄዎች አብረው ከፍና ዝቅ ይላሉ። ያው ሰው ሁኔታው ሳይለወጥ በሚቀጥለው ሳምንት ቢጠየቅ ተመሳሳይ ነጥብ ማግኘት አለማግኘቱን አልፋ አያውቅም። የተለካው ነገር ድባቴ ይሁን ድካም፣ ጭንቀት ይሁን አጠቃላይ ብሶት፣ ያንንም አያውቅም። የመጀመሪያው የድግግሞሽ አስተማማኝነት ጥያቄ ሲሆን የሚመለሰው ቴስት ሪቴስት በሚባለው ዘዴ ነው። ሁለተኛው የጽንሰ ሐሳብ ተገቢነት ወይም የኮንስትራክት ቫሊዲቲ ጥያቄ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው መረጃና የየራሳቸው ስሌት ይፈልጋሉ።

ለምሳሌ የያዝነው ፒኤችኪው 9 ነው። የድባቴ ምልክቶችን የሚጠይቅ ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ ሲሆን ክሮንኬ፣ ስፒትዘርና ዊሊያምስ በ2001 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) አሳትመውታል። እያንዳንዱ ጥያቄ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታል፣ ከ0 እስከ 3 ይመለሳል፣ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል ይባላል። ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ መጠቀም ይቻላል። በኢትዮጵያም በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። «ታዲያ ከተፈተሸ እኔ ለምን ልድገመው?» የሚል ይኖራል። አስተማማኝነትና ተገቢነት የወረቀቱ ጠባይ ስላልሆኑ ነው። የተወሰኑ ሰዎች፣ በተወሰነ አጠያየቅ፣ ለተወሰነ ዓላማ ያገኙት ነጥብ ጠባይ ናቸው። በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ የተገኘ ቁጥር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወይም ከዓረብ አገር ለተመለሱ ሴቶች እንዳለ አይተላለፍም።

ደረጃ 1፦ ነጥቡን ለምን እንደሚጠቀሙበት በጽሑፍ ያስቀምጡ

ሁለት ዓላማዎችን መለየት ያሻል። አንደኛው ቡድንን ከቡድን ማወዳደር ነው፤ ለምሳሌ የሁለት ካምፓስ ተማሪዎችን አማካይ ነጥብ። ሁለተኛው በአንድ ግለሰብ ላይ መወሰን ነው፤ ይህች ተማሪ ወደ ሐኪም ትላክ? ሕክምናው ሠርቶላታል? ለቡድን ንጽጽር 0.70 የሚሆን አስተማማኝነት በአብዛኛው እንደ ዝቅተኛ መስፈርት ይወሰዳል። በግለሰብ ላይ ለመወሰን ግን ወደ 0.90 መጠጋት ይገባዋል፣ ምክንያቱም በቡድን አማካይ ውስጥ የሚጣፋው ስሕተት በአንድ ሰው ነጥብ ላይ እንዳለ ይቀመጣል። ይህን አስቀድሞ ያልወሰነ ሰው 0.78 ሲያገኝ ደስ ይበለው ወይስ ይክፋው ማወቅ አይችልም።

ደረጃ 2፦ ከቁጥሩ በፊት ቃሉን ይፈትሹ

ከ5 እስከ 10 የሚሆኑ፣ ዋናው ጥናት የሚመለከታቸውን የመሰሉ ሰዎች ይፈልጉ። እያንዳንዱን ጥያቄ ካነበቡላቸው በኋላ «በራስዎ አባባል ምን ተጠየቁ?» እና «2 ያሉት ምን አስበው ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። በፒኤችኪው 9 ላይ ትኩረት የሚሹት ባለ ሁለት ጫፍ ጥያቄዎች ናቸው። 3ኛው እንቅልፍ ማጣትንም ከመጠን በላይ መተኛትንም በአንድ ይጠይቃል፤ 5ኛው የምግብ ፍላጎት ማነስንና ከመጠን በላይ መብላትን። 8ኛው ከሁሉም ይከብዳል፦ ሌሎች ሰዎች እስኪያስተውሉት ድረስ በዝግታ መንቀሳቀስ ወይም መናገር፣ ወይም ተቃራኒው፣ መቁነጥነጥና ቁጭ ማለት አለመቻል። መረጃ ሰብሳቢው ፈጠን ብሎ ካነበበው ተጠያቂው የመጨረሻውን ግማሽ ብቻ ይዞ ይመልሳል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሲያነበው የመጀመሪያውን ግማሽ ይይዝና ሌላ መልስ ይሰጣል። በስሌቱ ላይ ይህ «አለመረጋጋት» ሆኖ ይታያል፣ ሰውየው ግን አልተለወጠም።

የመልስ አማራጮቹም እንዲሁ ናቸው። «ለተወሰኑ ቀናት» እና «ከግማሽ በላይ ለሚሆኑ ቀናት» በጆሮ ብቻ ሲሰሙ ይቀላቀላሉ፤ ብዙ ሰው ሁለቱንም «አልፎ አልፎ» ብሎ ይመልሳል። መጠይቁ በቃል የሚነበብ ከሆነ 14 ሣጥኖች የተሣሉበት ካርድ ያዘጋጁና ሰውየው ምን ያህሉን እንደሚሞላ በጣቱ ያሳይ። ከግማሽ በላይ ማለት 8 እና ከዚያ በላይ ሣጥን ነው። ካርዱን ከተጠቀሙ በሁለቱም ዙር ይጠቀሙ፣ በሪፖርቱም ላይ ይጥቀሱት።

ደረጃ 3፦ የድግግሞሹን ዙር ይንደፉ

እዚህ ላይ ትልቁ ውሳኔ በሁለቱ ዙሮች መካከል የሚያልፈው ጊዜ ነው። በጣም ካጠረ ሰዎች የመጀመሪያ መልሳቸውን አስታውሰው ይደግሙታል፣ ቁጥሩም ያለአግባብ ከፍ ይላል። በጣም ከረዘመ ሰዎቹ ራሳቸው ይለወጣሉ፣ ቁጥሩም ያለአግባብ ይወርዳል። «ሁለት ሳምንት» የሚለው ልማድ ከመማሪያ መጻሕፍት የመጣ ነው፤ ለስብዕና ወይም ለችሎታ መመዘኛ ያስኬዳል። ለፒኤችኪው 9 ግን ችግር አለው። መጠይቁ የሚጠይቀው ያለፉትን 14 ቀናት ስለሆነ፣ በ14ኛው ቀን ሲደግሙት ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ጋር አንድም የጋራ ቀን የለውም። ሁለት የተለያዩ ጊዜያትን ለክተው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የለኩ ይመስልዎታል። በ7 ቀን ከደገሙት ግማሹ ጊዜ የጋራ ነው፣ ሰዎችም 9 መልሶቻቸውን በዝርዝር አስታውሰው የሚደግሙበት ዕድል ያን ያህል ሰፊ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ አዘጋጆች በ48 ሰዓት ውስጥ በስልክ ነበር የደገሙት። ለአብዛኛው የተማሪ ጥናት 7 ቀን፣ ሲበዛ 10 ቀን፣ ጥሩ ምርጫ ነው።

ቀኑን ሲቆርጡ ካላንደሩን ይዩ። መጠይቁ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካምና ስለ ትኩረት ይጠይቃል። የመጀመሪያው ዙር ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት፣ ሁለተኛው ከገባ በኋላ ከዋለ፣ ወይም አንዱ በረመዳን ሌላው ከዒድ በኋላ ከሆነ፣ አራቱም ጥያቄዎች ከድባቴ ጋር በማይገናኝ ምክንያት ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ። የፈተና ሳምንትም እንዲሁ ነው።

የሰው ብዛት ቢያንስ 50 ይሁን፣ 100 ቢሆን ይመረጣል። የሚመጡት ሁሉ ስለማይመለሱ 50 ለማግኘት 60 ወይም 65 ሰው ይመዝግቡ። ለእያንዳንዱ ሰው በመጀመሪያው ቀን መለያ ቁጥር ይስጡ። ስም ሳይጻፍ ሁለቱን ወረቀቶች ማገናኘት ያልተቻለበት ጥናት ብዙ ነው፣ በዚያ ጊዜ ደግሞ መረጃው ለምንም አይሆንም። መረጃ ሰብሳቢው፣ ቦታው፣ ሰዓቱና አጠያየቁ በሁለቱም ዙሮች አንድ ይሁኑ። መጀመሪያ ሰውየው ራሱ ሞልቶ በሁለተኛው ዙር ከተነበበለት፣ የሚያገኙት የጊዜና የአጠያየቅ ልዩነት ድብልቅ ነው፤ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም።

በሁለተኛው ዙር መጨረሻ አንዲት ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ባለፈው ከተነጋገርንበት ቀን ወዲህ የስሜትዎ ሁኔታ ተሽሏል፣ ብሶበታል ወይስ እንዳለ ነው?» ዋናውን ስሌት የሚሠሩት «እንዳለ ነው» ባሉት ላይ ነው። ሐዘን የደረሰበት ወይም መድኃኒት የጀመረ ሰው ነጥቡ ቢለወጥ መጠይቁ ሥራውን ሠራ እንጂ አልተሳሳተም። ይህች ጥያቄ ከሌለች ግን እውነተኛ ለውጥንና የመለኪያ ስሕተትን መለየት አይቻልም።

ሌላ ችላ የማይባል ነገር አለ። 9ኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል። ከ0 በላይ የመለሰ ሰው በዚያው ቀን በማን እንደሚታይና ወዴት እንደሚላክ ከመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ በፊት በጽሑፍ መወሰን አለበት፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄውን ቆርጦ ማውጣት ደግሞ ሌላ መጠይቅ ያደርገዋል፣ የነጥቡ ጣሪያም 24 ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ስሌቱን በትንሽ ምሳሌ ይሥሩት

ስምንት ሰዎች በ7 ቀን ልዩነት ተጠይቀው እንዲህ መለሱ እንበል። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው።

| ሰው | 1ኛ ዙር | 2ኛ ዙር | ልዩነት |
|---|---|---|---|
| ሀ | 4 | 2 | 2 |
| ለ | 6 | 5 | 1 |
| ሐ | 9 | 6 | 3 |
| መ | 12 | 9 | 3 |
| ሠ | 15 | 11 | 4 |
| ረ | 7 | 3 | 4 |
| ሰ | 3 | 2 | 1 |
| ሸ | 16 | 14 | 2 |
| አማካይ | 9.0 | 6.5 | 2.5 |

የፒርሰን ተዛምዶ ሲሠራ 0.97 ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ «እጅግ አስተማማኝ» ብሎ ይጽፋል። ሠንጠረዡን ግን በዓይን ይዩት፦ ስምንቱም ሰዎች በሁለተኛው ዙር ዝቅ ብለዋል። ፒርሰን የሚያየው የሰዎቹ ቅደም ተከተል መጠበቁን ነው፤ ሁሉም እኩል 5 ነጥብ ቢወርዱ 1.00 ይሰጣል። እኛ የምንፈልገው ነጥቡ ራሱ መደገሙን ነው። ለዚህ የሚሆነው የውስጠ ክፍል ተዛምዶ መጠን፣ በአጭሩ አይሲሲ፣ ነው። እሱም በ«ፍጹም ስምምነት» ዓይነቱ።

አይሲሲ የነጥቦቹን ልዩነት በሦስት ይከፍላል። አንዱ በሰዎች መካከል ያለው ነው፤ በቀመሩ MSR ይባላል፣ እዚህ 43 ነው። ሁለተኛው በዙሮቹ መካከል ያለው፣ MSC፣ 25 ነው። የቀረው ስሕተት፣ MSE፣ 0.714 ነው። n የሰዎቹ ብዛት፣ k የዙሮቹ ብዛት ነው።

```
ICC = (MSR - MSE) / (MSR + (k-1)*MSE + k*(MSC - MSE)/n)
    = (43 - 0.714) / (43 + 0.714 + 2*(25 - 0.714)/8)
    = 42.286 / 49.786
    = 0.85
```

ከ0.97 ወደ 0.85 ያወረደው የ2.5 ነጥቡ የጋራ መውረድ ነው። በአር ሲሠራ ይህን ይመስላል፦

```
library(irr)
t1 <- c(4,6,9,12,15,7,3,16)
t2 <- c(2,5,6,9,11,3,2,14)
cor(t1, t2)
icc(cbind(t1, t2), model="twoway",
    type="agreement", unit="single")
```

በኤስፒኤስኤስ ደግሞ `Analyze > Scale > Reliability Analysis` ውስጥ ገብተው `Statistics` በሚለው ስር `Intraclass correlation coefficient` የሚለውን ይመርጣሉ። ዓይነቱ ሳይነካ ሲቀር `Consistency` ላይ ይቆያል፤ ወደ `Absolute Agreement` ይለውጡት። ካልለወጡት በዚህ ምሳሌ 0.97 ይሰጥዎታል፣ የሁሉም መውረድ እንደገና ተደብቆ። በውጤቱ ሠንጠረዥ ሁለት ረድፎች ይወጣሉ። የሚነበበው `Single Measures` የሚለው ነው፣ እዚህ 0.85። `Average Measures` የሚለው 0.92 ይላል፤ እሱ ግን ሁለቱን ዙሮች አማካይ አድርጎ ለሚጠቀም ሰው ነው። እርስዎ በተግባር አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቁ ከሆነ 0.92 የእርስዎ ቁጥር አይደለም። ከፍተኛውን ረድፍ መርጦ መጻፍ ሳይታወቅ የሚደረግ፣ አንዳንዴም ታውቆ የሚደረግ ስሕተት ነው።

ከነጥቡ ጋር የ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰኑን ይጻፉ፣ ሲፈርዱም የታችኛውን ጫፍ ይመልከቱ። በስምንት ሰው ወሰኑ እጅግ ሰፊ ስለሚሆን ይህ ምሳሌ ለመማሪያ እንጂ ለመደምደሚያ አይሆንም።

ደረጃ 5፦ ቁጥሩን ወደ ነጥብ መልሰው ያንብቡት

0.85 ብቻውን ለአንድ ሐኪም ብዙ አይነግረውም። «መጠይቁ በስንት ነጥብ ይሳሳታል?» የሚለው ይጠቅመዋል። የዙሮቹ ልዩነትና የቀረው ስሕተት ሲደመሩ በምሳሌያችን ቫሪያንሱ 3.75 ነው፤ ካሬ ሥሩ 1.94 የመለኪያው መደበኛ ስሕተት ይባላል። አንድ ግለሰብ «በእርግጥ ተለውጧል» ለማለት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ልዩነት ደግሞ እንዲህ ይሠራል፦

```
SDC = 1.96 * sqrt(2) * 1.94 = 5.4
```

ስለዚህ በዚህ መጠይቅ ከ14 ወደ 10 የወረደች ታካሚ ተሽሏታል ለማለት ነጥቡ ብቻውን አይበቃም። አራት ነጥብ በስሕተት ክልል ውስጥ ነው። በሠንጠረዡ ላይ «መ»ን ይመልከቱ፦ በመጀመሪያው ዙር 12 አግኝቶ ወደ ሐኪም የሚላክ ነበር፣ በሳምንቱ 9 አግኝቶ የማይላክ ሆነ። በ10 ዙሪያ ያሉ ሰዎች ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው። በመቁረጫ ነጥቡ አካባቢ ያለን ሰው በአንድ ልኬት መወሰን የማያስኬደው ለዚህ ነው።

ሁሉም ሰው ለምን ወረደ? በስሜት መጠይቆች ላይ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ዝቅ ማለቱ የታወቀ ክስተት ነው። አንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ሲጠየቅ የገነነ መልስ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ሰሚ በማግኘቱ ይቀለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ «አዎ» ባለ ቁጥር ቃለ መጠይቁ እንደሚረዝም ተምሯል። ይህ ለሕክምና ጥናት ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው፦ ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው ሰው ይህን መውረድ የሕክምናው ውጤት አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል።

አይሲሲ የናሙናው ምርኮኛ መሆኑንም ይወቁ። በምሳሌያችን በሰዎች መካከል ያለው እውነተኛ ቫሪያንስ 21.14 ነው፤ 21.14 ለ(21.14 + 3.75) ሲካፈል 0.85 ይሰጣል። ስሕተቱ ያው 3.75 ሆኖ፣ ሁሉም ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸውን ጤነኛ ተማሪዎች ብቻ ቢወስዱና ቫሪያንሱ 5 ቢሆን፣ 5 ለ8.75 ሲካፈል 0.57 ይወጣል። መጠይቁ አልከፋም፤ ሰዎቹ ተመሳሰሉ። በተቃራኒው ግማሹን ከአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ ግማሹን ከመንገድ ያመጣ ሰው ያለ ድካም 0.95 ያገኛል። ስለዚህ አይሲሲን ያለ መደበኛ ስሕተቱና ያለ ናሙናው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን አይዘግቡ፣ የሌላውንም ሲያነቡ መጀመሪያ ማን እንደተጠየቀ ይፈልጉ።

ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከመጣ ድምሩን ትተው ጥያቄ በጥያቄ ይሂዱ። አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ብቻ ከዋዠቁ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ቃሉ ላይ ነው፣ 8ኛውን አስቀድመው ይጠርጥሩ። ሁሉም እኩል ከዋዠቁ አጠያየቁን ይመርምሩ፤ በመረጃ ሰብሳቢ ከፋፍለው ሲያዩት አንድ ሰው ብቻ ጎልቶ የሚወጣበት ጊዜ አለ።

ደረጃ 6፦ መላምቶቹን ከመረጃው በፊት ይጻፉ

አሁን ወደ ተገቢነት። ክሮንባህና ሚል በ1955 ያስቀመጡት ሐሳብ ዛሬም መሠረት ነው፦ ድባቴን በቀጥታ ማየት ስለማይቻል፣ ድባቴ ከሌሎች ነገሮች ጋር ሊኖረው የሚገባውን ግንኙነት ከንድፈ ሐሳብ ተነስተን እንተነብያለን፣ ከዚያ ነጥቡ እንደ ትንበያው መሆኑን እናያለን። በተግባር ትልቁ ጥፋት ትንበያውን ከውጤቱ በኋላ መጻፍ ነው። 0.38 ያገኘ ሰው «መካከለኛ ግንኙነት እንደተጠበቀው ተገኝቷል» ይላል፤ 0.62 ቢያገኝም ያንኑ ይል ነበር። ስለዚህ አቅጣጫውንና መጠኑን አስቀድመው ይጻፉ፣ ቀን ያኑሩበት፣ ለአማካሪዎ ይላኩት።

ለፒኤችኪው 9 የሚሆን ዝርዝር ይህን ሊመስል ይችላል። አጠቃላይ የአእምሮ ጤና መታወክ ምልክቶችን ከሚጠይቀው፣ በዓለም ጤና ድርጅት ከተዘጋጀው ኤስአርኪው 20 ጋር ያለው ተዛምዶ ቢያንስ 0.50 ይሆናል። የዕለት ተዕለት ኑሮ መታወክን ከሚለካው ባለ 12 ጥያቄ ሁዳስ 2.0 ጋር ከ0.30 እስከ 0.60 ይሆናል። ከማኅበራዊ ድጋፍ ጋር አሉታዊ፣ ከ0.20 እስከ 0.50 ባለው መጠን። ከትምህርት ደረጃ ጋር ደካማ፣ ከ0.30 በታች፤ ከዚህ ከበለጠ ጥያቄዎቹ ላልተማረ ሰው ከብደው ይሆናል። ጋድ 7 ከሚባለው የጭንቀት መጠይቅ ጋር ያለው ግንኙነት ከፍ ቢልም በሌላ ዘዴ ከተለካ ድባቴ ጋር ካለው አይበልጥም። በመጨረሻም በድባቴ ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች ከአስታማሚዎቻቸው በግልጽ ከፍ ያለ አማካይ ይኖራቸዋል። ከመላምቶቹ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ከተሳኩ ማስረጃው ጥሩ ነው ይባላል፣ ግን የቱ እንደወደቀ ከስንቱ ይበልጣል።

የመጨረሻው መላምት በቀላሉ የሚሳካ ስለሆነ ብቻውን ብዙ አይመሰክርም። ታማሚንና ጤነኛን መለየት የማይችል የብሶት መጠይቅ ማግኘት ይከብዳል፤ ጠንካራው ፈተና በድባቴ የታመሙትን ለምሳሌ በሳንባ ነቀርሳ ከታመሙት መለየቱ ነው። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት ማነስ ለሁለቱም የጋራ ናቸውና። አካላዊዎቹን ጥያቄዎች ለብቻ፣ የስሜቶቹን ለብቻ ደምረው ሁለቱን ቡድኖች ቢያወዳድሩ፣ ነጥቡን የሚያንሳፍፈው የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይታያል።

ደረጃ 7፦ የጋራ ጥያቄና የጋራ ዘዴ ቁጥሩን እንዳያሳብጡት

ኤስአርኪው 20 ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ ድካም ይጠይቃል። ፒኤችኪው 9ም እንዲሁ። ስለዚህ የሁለቱ ተዛምዶ በከፊል አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ከመጠየቅ የመጣ ነው። የሚደራረቡትን ከአንደኛው አውጥተው ስሌቱን ይድገሙ፤ 0.60 የነበረው ወደ 0.45 ከወረደ የመጀመሪያው ቁጥር ምን ያህል እንዳበጠ ያውቃሉ። ካምቤልና ፊስክ በ1959 ያነሡት ነጥብ ደግሞ ከዚህ ይሰፋል፦ ሁለቱም መጠይቆች በአንድ ሰው፣ በአንድ ቁጭታ፣ በአንድ ዓይነት አመላለስ ከተሞሉ፣ ሁሉንም «አዎ» የማለት ልማድ ብቻውን ተዛምዶ ይፈጥራል። ቢያንስ አንዱ ልኬት ከሌላ ምንጭ ይሁን፤ የሠለጠነ ሐኪም ግምገማ ወይም አብሮ የሚኖር ቤተሰብ ምስክርነት።

ደረጃ 8፦ አስተማማኝነቱን ወደ ተገቢነቱ ስሌት ያስገቡ

ሁለቱ ፍተሻዎች የሚገናኙት እዚህ ነው። የሁለት መጠይቆች ተዛምዶ የሁለቱን አስተማማኝነት ብዜት ካሬ ሥር ብዙም ሊያልፍ አይችልም። የእኛው 0.85፣ የሐኪሙ ግምገማ 0.70 ከሆነ ጣሪያው 0.77 ነው። የተገኘው ተዛምዶ 0.54 ቢሆን በስሕተት ያልተሸፈነው ግንኙነት እንዲህ ይገመታል፦

```
0.54 / sqrt(0.85 * 0.70) = 0.54 / 0.77 = 0.70
```

ጥሩ ይመስላል። አሁን ጋድ 7ን እንይ። ተዛምዶው 0.74፣ አስተማማኝነቱ 0.83 ከሆነ፦

```
0.74 / sqrt(0.85 * 0.83) = 0.74 / 0.84 = 0.88
```

መጠይቁ ከድባቴ ግምገማ ይልቅ ከጭንቀት መጠይቅ ጋር ይቀራረባል። ከፊሉ ምክንያት ሁለቱም በራስ ምላሽ የተሞሉ መሆናቸው ሊሆን ይችላል፣ በደረጃ 7 እንዳልነው። ያ ከተቀነሰ በኋላም ልዩነቱ ከቆየ፣ ሐቀኛው ንባብ «ይህ ነጥብ በዚህ ሕዝብ ውስጥ አጠቃላይ ጭንቀትንና ብሶትን እንጂ ድባቴን ለይቶ አይለካም» የሚል ነው። ለዳሰሳ ጥናት አሁንም ይጠቅማል። «የድባቴ ስርጭት ይህን ያህል በመቶ ነው» ብሎ ለመጻፍ ግን አይበቃም።

የፋክተር ትንተናም ይሠራ፣ 200 ሰው ወይም ከዚያ በላይ ካለ። መልሶቹ ከ0 እስከ 3 ብቻ ስለሆኑና ብዙዎቹ 0 ላይ ስለሚከመሩ ለደረጃዊ መረጃ የተዘጋጀውን ስሌት ይምረጡ፤ በአር ውስጥ በ`lavaan` ፓኬጅ `ordered=` የሚለውን መሙላት ነው። አንድ ፋክተር መውጣቱ ጥያቄዎቹ አንድ ነገር እንደሚለኩ ይደግፋል። ያ አንድ ነገር ድባቴ መሆኑን የሚናገሩት ግን ከላይ ያሉት መላምቶች ናቸው።

እስካሁን ከተሠራው አንዱም የመቁረጫ ነጥብ አይሰጥም። 10 ወይስ 8 ወይስ 12 የሚለው የሚወሰነው የመጠይቁን ነጥብ ባላወቀ የሠለጠነ ባለሙያ በተደረገ የምርመራ ቃለ መጠይቅ ነው፤ ከዚያ በየነጥቡ ስንት ታማሚ እንደተያዘና ስንት ጤነኛ በስሕተት እንደተቆጠረ ይታያል። ባለሙያው ከ10 በላይ ያገኙትን ብቻ ካየ ያመለጡትን መቁጠር ስለማይቻል፣ ዝቅተኛ ነጥብ ካላቸውም ሰዎች በዕጣ የተመረጡ መካተት አለባቸው። ይህን ለመሥራት አቅም የሌለው ጥናት ነጥቡን በመቁረጫ ሳይከፍል እንዳለ፣ ከ0 እስከ 27 እንደተዘረጋ ቢተነትነው ይሻለዋል።